ከአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ እስከ ተክለ ሃይማኖት

ሰውየው ከአምባራስ ወርደው ቢሮዬ ሲገቡ ጋቢያቸው ገና የደጋውን ብርድ ይዞ ነበር። የካምፓችን ዘበኛ ናቸው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዓመቱ 2011 ዓ.ም.፣ ቦታው ደባርቅ፤ እኔ ደግሞ የአንድ ፕሮጀክት የአስተዳደር ሠራተኛ። የፕሮጀክቱን ስም አልጠራም። ለሚመጣው ጥፋት ትልቁ ድርሻ የራሴ ነውና ሌላ ሰው ማስጠራት አልፈልግም።

«ፈቃድ ፈልጌ ነው የወረድኩት» አሉ፣ ዱላቸውን በሩ ጥግ እያስደገፉ።

«መቼ ሊወጡ ነው ጋሼ?»

«ከአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ እስከ ተክለ ሃይማኖት። የወንድሜ ልጅ ዳባት ላይ ትዳራለች።»

ይህን ንግግር ዛሬ ሳስበው እንከን የለውም። አስተርእዮ ማርያም በዓመት አንዴ፣ ጥር 21 ነው የምትውለው። ዋዜማዋ 20 ነው። ተክለ ሃይማኖት በየወሩ በ24 ይውላል፤ አስተርእዮን ተከትሎ የሚመጣው ደግሞ የጥሩ ነው። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከዚያም እስከ ጎንደር ቢጠየቅ፣ ይህን ሰምቶ ቀኑን የሚስት አንድ ሰው አይገኝም። በፈረንጅ አቆጣጠር ውስጥ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ቀን ስለሌለ ከሌላ ጋር የሚምታታበትም መንገድ የለም። ወር፣ ቀንና አቆጣጠር በአንድ ቃል ታስረው መጥተውልኝ ነበር።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። ቅጹን አወጣሁ። ቅጹ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ ከሥሯ ቀን/ወር/ዓመት ይላል። ማርያምን ከነዋዜማዋ እዚያ ማስገባት ስለማይቻል ወደ ቁጥር መነዘርኳት፤ ከ20/5/11 እስከ 24/5/11። ለጥንቃቄ ያህል ከጎኑ «ሰኞ» እና «ዓርብ» ብዬ ጨመርኩ። ዕለት መጻፍ ቀንን እንደሚያጣራ አንድ ሥልጠና ላይ ተምሬ ነበርና ራሴን እያደነቅሁ ነው የጨመርኩት።

ቅጹ አዲስ አበባ ለተቀመጠው የውጭ አገር አማካሪያችን ተላከ። አማካሪው አገራችንን የለመደ ሰው ነው። ሽሮ ይበላል፣ «እሺ» ማለት «አይሆንም» የሚሆንበትን ጊዜ ሁሉ ለይቶ ያውቃል፣ የዓመታችን ቁጥር ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት እንደሚያንስም ያውቃል። ስለዚህ 11 የሚለውን አይቶ ወደ 2019 መለሰው። ጎበዝ! ወሩን ግን ረሳው። 5 ለእኛ ጥር ነው፤ ከመስከረም ስንቆጥር አምስተኛው። ለእሱ ሜይ ነው፤ ከጃንዋሪ ሲቆጥር አምስተኛው። ዓመቱን ተርጉሞ ወሩን ሳይተረጉም ተወው። በሥራ ላይ ያየሁት የቀን ስህተት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች ጨርሶ የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ግማሹን የሚያውቅ ሰው ግን በራሱ ይተማመናል።

ታዲያ «ሰኞ» የሚለው አላዳነንም? አማካሪው አጣርቷል። ስልኩን አውጥቶ ሜይ 20 ቀን 2019ን ሲያይ ሰኞ ሆኖ አገኘው። ሜይ 24 ደግሞ ዓርብ። ፊርማውን አኖረ።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ቆጥሬአለሁ። በዚያ ዓመት ጥር 20 የዋለው ጃንዋሪ 28 ነው። ከጃንዋሪ 28 እስከ ሜይ 20 ሲቆጠር 112 ቀን ይሆናል፤ 112 ደግሞ ልክ 16 ሳምንት ነው። ስለዚህ የጥር ቀንና ያንኑ ቁጥር የያዘው የሜይ ቀን በእኛ ዘመን ምንጊዜም በአንድ ዕለት ይውላሉ፤ የጥር 7 ዕለት የሜይ 7 ዕለት ነው፣ የጥር 12ም እንዲሁ። የእኛም ጳጉሜን ስድስት ብትሆን፣ የእነሱም ፌብሩዋሪ 29 ብትሆን ይህ አይለወጥም። ጥርና ሜይ ማንም ሳያያቸው ውል ተዋውለዋል። ሠርግ ደግሞ የሚበዛው በጥር ነው። ዕለት መጻፍ ጥሩ ልማድ መሆኑን አልክድም፤ ብዙውን ስህተት ይይዛል። ብቻውን ግን አይታመንም፤ እኔ የተደገፍኩበትም በማይሠራበት ወር ነበር።

የተፈረመበት ወረቀት ተመለሰ። ላዩ ላይ ያለው ያው 20/5/11 ነው። ዘበኛው አንብበው «ጥር 20» አሉ፣ እኔም አንብቤ «ጥር 20» አልኩ፣ አማካሪው ደግሞ አዲስ አበባ ሆኖ መዝገቡ ላይ ሜይ ብሎ ጻፈ። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ፊርማ፣ አንድም ጥርጣሬ የለም።

ጥር 20 ደረሰ። ሰውየው ካምፑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወደ ዳባት ወረዱ። ተተኪ ይመጣል ብለው ያምናሉ፤ ለምን አያምኑም? ረቡዕ ዕለት ጥናት ሊያደርጉ የመጡ እንግዶች ድንኳንና ጓዛቸውን በበቅሎ አስጭነው አምባራስ ሲደርሱ ከተቆለፈው በር ሌላ የተቀበላቸው አልነበረም። ስልክ ተደወለልኝ። እኔም ዳባት ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ የት ነው?»

«ኪሴ ውስጥ!» እልልታው ድምፃቸውን እየዋጠው። «ተተኪው አልመጣም እንዴ? ቆይ፣ ሙሽሮቹ እየወጡ ነው!»

ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤ ሰውየው «ያለ ፈቃድ ከሥራ እንደቀሩ» የሚገልጽ ነበር። ሰውየውም ፊርማ ያረፈበትን ፈቃዳቸውን እንደ ርስት ማስረጃ አራት አጥፈው ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ወረቀቱን ከአማካሪው ጋር በስልክ ሆነን አንድ ላይ አነበብነው። ያን ጊዜ ነው ሁለታችንም ልክ ሆነን ሁለታችንም እንደተሳሳትን የገባን። ይቅርታ ተባባልን፣ ማስጠንቀቂያው ተሰረዘ፣ ነገሩ አለቀ።

አላለቀም። የሜይን ፈቃድ ከመዝገቡ ማንሳቱን ሁላችንም ረሳነው። ጊዜው ሲቃረብ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ መጣ፤ ለአምባራስ ካምፕ ከሜይ 20 ጀምሮ ተተኪ ዘበኛ ይላክ ይላል። ጸሐፊያችን ትእዛዙን ወደ አማርኛ ሲመልሰው «ከግንቦት 20 ጀምሮ» አለው። ሜይን ግንቦት ማለት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ኤርትራ ውስጥ ቢሆን ስህተትም አልነበረም። እዚያ በፈረንጁ አቆጣጠር እየቆጠሩ ወራቱን በእኛ ስም ስለሚጠሩ፣ የነጻነት በዓላቸው ግንቦት 24 ሲባል ሜይ 24 ማለት ነው። ያ ቀን በእኛ ግንቦት 16 ነው። በእኛ ቤት በሜይ 20ና በግንቦት 20 መካከል ስምንት ቀን አለ።

እናም ተተኪው፣ ላልነበረ ፈቃድ፣ ስምንት ቀን ዘግይቶ፣ ብርድ ልብሱን ተሸክሞ አምባራስ ከተፍ አለ። ጋሼ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር አሉ።

«ምን እግር ጣለህ?»

«እርስዎን ልተካ።»

«ምነው፣ ሞተሃል አሉኝ?»

ከዚያ በኋላ እኔ የአቆጣጠር ሰው ሆንኩ። መጀመሪያ ያወጣሁት መመሪያ ማንኛውም ቀን ሲጻፍ የአቆጣጠሩ ምልክት አብሮ ይጻፍ የሚል ነበር። በእንግሊዝኛው የእኛን ኢ.ሲ.፣ የእነሱን ጂ.ሲ. በሉ አልኩ። አንድ አዲስ የመጣ የሂሳብ ባለሙያ ኢ.ሲ. የሚለውን «የአውሮፓ አቆጣጠር» ብሎ አነበበው። ቆጣሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ኢትዮጵያም አውሮፓም በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት በአንድ ፊደል ነው፤ ሰውየው ምን አጠፋ?

በአማርኛው ደግሞ የባሰ ጠበቀኝ። እ.ኤ.አ. የምንለው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ለማለት ነው። አንዳንዱ በተቃራኒው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት እ.ኢ.አ. ይጽፋል። እስቲ ሁለቱን አስተያዩአቸው። የስምንት ዓመት ልዩነት የተንጠለጠለው በኤ እግር ላይ ባለች ቀለበት ነው። ደባርቅ ውስጥ ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ፎቶ ኮፒ ሦስት ጊዜ የተባዛ ወረቀት ላይ ያቺን ቀለበት የሚያይ ዓይን የዋልያ መሆን አለበት። ስለዚህ እ.ኢ.አ. የምትለውን ከቢሮዬ አባረርኳት። የእኛን ዓ.ም. እንለዋለን፤ ከሌላው ጋር በመልክም አይመሳሰልም።

ዓመቱ አራት አኃዝ ሆኖ በሙሉ ከተጻፈ ምልክት ምን ያደርጋል የሚል ሰው አለ። ለዘንድሮ ፈቃድ እውነቱን ነው። 2011 እና 2019 በአንድ ዓመት ውስጥ ስለማይምታቱ የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የ1156ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ እንኳ በነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ 1156/2011፣ እዚያው ጎን በእንግሊዝኛው 1156/2019 ተብሎ ሲታተም ማንም አልተደናገረም። ችግሩ ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ ብሎ ያለ እ.ኤ.አ. የጻፈ ሰው፣ አማርኛ አንባቢውን ስምንት ዓመት አሳስቶታል። እኛ ቢሮ ደግሞ የቅጥር ዘመን አለ። አንድ ባልደረባችን ማኅደሩ ላይ «የተቀጠረበት 2010» ይላል። በእኛ ነው። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ያስገባው ሰው በፈረንጅ ወሰደው። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ስለሚሰጥ፣ ስምንቱ ዓመት አራት የፈቃድ ቀን ወለደለት። ባልደረባችን ቅሬታ አላቀረበም።

ሁለተኛው ሥራዬ የመመለሻ ሠንጠረዥ ነበር። በ2011 ክረምት ቁጭ ብዬ የዓመቱን ቀን ሁሉ ከፈረንጁ ጋር አጋጥሜ፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ይላል፤ ዓድዋ የካቲት 23 ማርች 2 ይላል። ሰው እየመጣ ያደንቅልኝ ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ሠንጠረዡ ዋሸ። 2011 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2012 በሴፕቴምበር 11 መዋሏ ቀርቶ በ12 ዋለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ተገፋ። ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ሆነ። ሠንጠረዤን አምኖ ለጥምቀት ፈቃድ የሞላ አንድ ሾፌር የእንግሊዝኛው ቀን ለበዓሉ ዋዜማ፣ የአማርኛው ለበዓሉ ሆኖ ወጣለት። ሁለቱን አቆጣጠሮች መልሶ ያስታረቃቸው የእነሱ ፌብሩዋሪ 29 ነው። የካቲት 21 በዚያ ቀን ዋለ፤ የካቲት 22 ማርች 1 ሆኖ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዓድዋ ምንም አልነካውም። ሠንጠረዤ እንግዲህ ከአራት ዓመት አንዱን፣ ያውም ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ብቻ ይዋሻል። እንዲህ አልፎ አልፎ የሚዋሽ ነገር ነው አደገኛው፤ ሁልጊዜ የሚዋሽ ቢሆን ማን ያየው ነበር? አሁን ከሠንጠረዡ ግርጌ «ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ አትመኑኝ» ተብሎ በቀይ ተጽፏል።

ሦስተኛው ጠላቴ ኤክሴል ነው። የፈቃድ መዝገባችንን የያዝነው በእሱ ነበር። የእኛን ቀን በቁጥር ስታስገቡለት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ዝምታው ግን ስምምነት አይደለም። እሱ የሚያስበው ፈረንጅኛ ነው። ከ20/2/2011 እስከ 20/3/2011 ስንት ቀን አለ ብላችሁ ብታስቀንሱት 28 ይላችኋል። ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 20 ግን 30 ቀን ነው፤ ከጳጉሜን በቀር የእኛ ወር መቼ ከሠላሳ ጎድሎ ያውቃል? እሱ ያሰበው ፌብሩዋሪን ነው። የወር ፈቃድ የወሰደ ሰው በዚህ ስሌት ሁለት ቀን ይቀርለታል፣ ምክንያቱንም የሚነግረው የለም።

ይህን እንዴት እንደያዝኩት ልናገር፤ እንደ እኔ የሚሠቃይ ሰው ካለ ይጠቀምበታል። ኮምፒውተሩ ቀን መሆኑን ያወቀውን ነገር ወደ ቀኝ ጠርዝ ያስጠጋል፤ ተራ ጽሑፍ የመሰለውን ወደ ግራ። አንድ ቀን ዓምዱን ከላይ ወደ ታች ሳየው ሁሉም በቀኝ ተሰልፎ አንዱ ብቻ በግራ ቀርቷል። 30/2/2011። ጥቅምት 30! ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ማሽኑ እንግዳ ሆኖበት ከሰልፍ አወጣው። ለእኔ ግን ምስክር ሆነልኝ፤ እሱ ብቻውን በግራ መቆሙ፣ በቀኝ ያሉት ሁሉ በስህተት አቆጣጠር እንደተነበቡ ነገረኝ። ዛሬ አንድ የፈቃድ መዝገብ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ 30/2/2011ን ጽፌ የት እንደሚቆም አያለሁ። በግራ ከቆመ የእኛን ቀን እዚያ በቁጥር አላስገባም፤ የፈረንጁ ቀን ለስሌት በራሱ ዓምድ ይቀመጣል፣ የእኛው በቃል እንደ ጽሑፍ ይጻፋል።

ቅጹም ተለወጠ። ጥፍር የምታህለው ቦታ ጠፍታ አንድ ሙሉ መስመር ተተካች። የወር ቁጥር ተከልክሏል፤ ወር በስሙ ይጻፋል። የፈረንጁ ወር በፈረንጅኛ ስሙ ነው የሚጠራው፤ ሜይ ሜይ ነው እንጂ ግንቦት አይባልም። «እስከ» የሚለው ቃልም ተባሯል። ምክንያቱም እስከ ተክለ ሃይማኖት ማለት ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ ነው ወይስ ያን ዕለት ሥራ ገበታ ላይ መገኘት ነው የሚለው ራሱን የቻለ ጠብ ስለሆነ። በምትኩ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ከሥራ የሚቀሩበት የመጀመሪያ ቀን፣ የመጨረሻ ቀን፣ ወደ ሥራ የሚመለሱበት ቀን። የጋሼ የዚያን ዘመን ፈቃድ በዚህ ቅጽ ቢሞላ እንዲህ ይሆን ነበር፤ ከሰኞ ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 28 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.)፣ የመጨረሻው ዓርብ ጥር 24 (ፌብሩዋሪ 1)፣ የሚመለሱት ሰኞ ጥር 27 (ፌብሩዋሪ 4)፣ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን። ሜይን አስቦ ይህን የሚያነብ ሰው ጃንዋሪ የሚለውን ሲያይ ይነቃል። ከግርጌው ደግሞ፣ አማካሪው ሳይገባው የፈረመልኝ አንዲት መስመር አለች፤ «በዓሉ ካለ ይጠቀስ»።

በ2012 መጨረሻ ጋሼ እንደገና ወረዱ። አዲሱን ቅጽ አገላብጠው አዩት።

«መቼ ነው ጋሼ?»

«ለሩፋኤል ነው። ከዋዜማው እስከ ዘመን መለወጫ።»

ሩፋኤል ጳጉሜን 3 ነው፤ በዚያ ዓመት ማክሰኞ። ከሰኞ ጳጉሜን 2 ቀን 2012 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 7 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ የመጨረሻው ኀሙስ ጳጉሜን 5፤ ዓርቡ ዘመን መለወጫ ስለሆነ የሚመለሱት ሰኞ መስከረም 4 ቀን 2013። አራት የሥራ ቀን። ሁሉንም በየመስመሩ ሞልቼ አነበብኩላቸው። ይህን ያህል ንጹሕ ቅጽ በሕይወቴ ሞልቼ አላውቅም።

ጋሼ ግን ብዕሩን ይዘው አልፈረሙም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ጳጉሜን ደመወዝ አላት?»

«የላትም ጋሼ። የሚከፈለው የ12 ወር ነው።»

«እንግዲያ ያልከፈላችሁኝን አራት ቀን ነው ከፈቃዴ የምትቀንሱብኝ?»

ቅጹ ላይ ለዚህ የተዘጋጀ መስመር አልነበረም።